ውሃ የግድብ ግድግዳን በምን ያህል ኃይል ይገፋል? ከሥዕሉ እስከ ማረጋገጫው፣ ደረጃ በደረጃ

ይህን ጥያቄ የሚስቱ ተማሪዎች አብዛኞቹ ኢንተግራል መሥራት አያቅታቸውም። ቅንፉን አባዝተው፣ ወሰኑን ተክተው፣ ቁጥሩን በትክክል ያወጣሉ። የወጣው ቁጥር ግን የሌላ ግድብ መልስ ነው። ስህተቱ የገባው ከኢንተግራሉ በፊት ባለው አንድ መስመር ላይ ነው። ወይ ጥልቀቱ ከተሳሳተ ቦታ ተለክቷል፣ ወይ ወርዱ ከተሳሳተ ከፍታ ተወስዷል።

ስለዚህ እዚህ ከስሌቱ ይልቅ ሥዕሉ ላይ ብዙ እንቆያለን። አንድ ግድብ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሠራዋለን። ከዚያ የተሳሳተ መልስ ሲወጣ ስህተቱ የት እንደተሠራ ከቁጥሩ ለይተን እናያለን።

## ጥያቄው

ግድግዳው ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ከፊት ለፊት ሲታይ ትራፔዝየም ነው፤ ሸለቆው ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ስለሚል። የላይኛው ጫፍ ወርድ 42 ሜትር፣ የሥሩ ወርድ 12 ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት 15 ሜትር ነው። ግራና ቀኙ እኩል ያዘነበለ ነው። ውሃው የሚደርሰው ከግድግዳው ጫፍ 3 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ውሃው ግድግዳውን በስንት ኒውተን ይገፋዋል?

ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ብዬ የመረጥኳቸው ናቸው። አሠራሩ ግን ለየትኛውም ቀጥ ያለ ግድግዳ ያው ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ቁጥር ያዙ፦ 9800። አንድ ሜትር ኪዩብ ንጹህ ውሃ 1000 ኪሎ ግራም ነው። በመሬት ስበት በ9.8 ሲባዛ 9800 ኒውተን ይመዝናል። መምህራችሁ 9.81 የሚጠቀም ከሆነ 9810 አድርጉት። ልዩነቱ ከሺህ አንድ ነው፤ ነገር ግን መሃል ላይ አትቀያይሩ።

ውሃ ውስጥ ያለ ግፊት የሚወሰነው በጥልቀት ብቻ ነው፦

```
ግፊት = 9800 × ጥልቀት
```

ግፊቱ በአንድ ጥልቀት ላይ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው። ስለዚህ ቀጥ ያለውን ግድግዳ ወደ ጎን ይገፋዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነገር አለ፦ «የሐይቁ መጠንስ የት ገባ?» የትም አይገባም። የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ይይዛል። ይህ ቁጥር ግን በግድቡ ግድግዳ ላይ ያለውን ኃይል ስናሰላ አንድም ቦታ አይታይም። ሐይቁ ወደ ኋላ አንድ ኪሎ ሜትር ይሂድ ሁለት መቶ፣ ውሃው እስከተረጋጋ ድረስ በ50 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት ያው ነው። ጥያቄው የሐይቁን ርዝመት ከሰጣችሁ ለማደናገር ነውና እለፉት።

የአየር ግፊትንም ተዉት። አየሩ የውሃውን ገጽ ይጫናል፤ ግን የግድግዳውን ደረቅ ጀርባም በዚያው መጠን ይገፋል። ሁለቱ ይጣፋሉ።

ኢንተግራል ለምን አስፈለገ? የእኛ ግድብ ላይ ግፊቱ ከውሃው ገጽ ዜሮ ነው፤ ሥሩ ጋ 117,600 ፓስካል ይደርሳል። በአንድ ቁጥር ልናባዛው አንችልም። ወርዱም ከላይ እስከ ታች ይለያያል። ሁለት ነገር በአንዴ ሲለዋወጥ ግድግዳውን ወደ ስስ ቁራጮች ከፍለን መደመር ግድ ይላል።

## ደረጃ 1፦ ግድግዳውን ከፊት ሳሉት

ከጎን ሳይሆን ከፊት። ከጎን ከሳላችሁት ወርዱን አታዩትም።

ትራፔዝየሙን ከሳላችሁ በኋላ የውሃውን ገጽ በአግድም መስመር አስምሩበት። ከመስመሩ በላይ ያለውን የ3 ሜትር ክፍል በእርሳስ ሰረዝ ሰረዝ አድርጉት። እሱ ደረቅ ነው። ውሃ ያልነካው ግድግዳ ስሌቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ኋላ ላይ የኢንተግራሉን ወሰን ስትጽፉ ይህ ሰረዝ ያድናችኋል።

## ደረጃ 2፦ ዜሮው የት እንደሆነ ወስኑ

ከፍታን y እንበለው። ዜሮው የግድግዳው ሥር ይሁን፤ ወደ ላይ ስንሄድ ይጨምር። ከሥዕሉ ጎን እነዚህን ጻፉ፦

```
የግድግዳው ሥር     y = 0
የውሃው ገጽ        y = 12
የግድግዳው ጫፍ     y = 15
```

ዜሮውን ከውሃው ገጽ ማድረግም ይቻላል፤ መልሱ አይለወጥም። የማይቻለው ግማሹን ከሥር፣ ግማሹን ከላይ እየለኩ መቀጠል ነው። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ያዙት።

## ደረጃ 3፦ አንድ ቁራጭ በአግድም ቁረጡ

ቁራጩ የግድ አግድም መሆን አለበት። ቁልቁል ከቆረጣችሁት አንዱ ቁራጭ ራሱ ከውሃው ገጽ እስከ ሥሩ ይዘልቃል። ውስጡ ያለው ግፊት አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ችግሩን ከጀመርንበት ቦታ መለስነው ማለት ነው። አግድም ቁራጭ ስስ ከሆነ ግን ሁሉም ነጥቡ በአንድ ጥልቀት ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ቁራጩን ከመሃል አካባቢ ሳሉት። ከሥሩ አጠገብ የሚስል ሰው ጥልቀቱን «12» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ከውሃው ገጽ አጠገብ የሚስለው ደግሞ «ዜሮ» ይላል። መሃል ላይ ስትስሉት ግን ጥልቀቱ የሚለዋወጥ መሆኑ ፊት ለፊት ይታያችኋል። የቁራጩን ከፍታ y፣ ውፍረቱን dy በሉት።

## ደረጃ 4፦ ጥልቀቱን ጻፉ

ጣታችሁን ቁራጩ ላይ አድርጉ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ላይ ውሰዱት፤ የውሃው ገጽ ላይ ሲደርስ አቁሙ። ጣታችሁ የተጓዘው ርቀት ጥልቀቱ ነው። እስከ ግድግዳው ጫፍ አትሂዱ፤ ከሥርም አትነሱ።

ውሃው 12 ላይ ነው፤ ቁራጩ y ላይ ነው። ስለዚህ፦

```
ጥልቀት = 12 − y
```

አሁኑኑ ፈትኑት። y = 0 ሲሆን ጥልቀቱ 12 ይሆናል፤ ሥሩ ነውና ልክ ነው። y = 12 ሲሆን ዜሮ ይሆናል፤ የውሃው ገጽ ነውና ልክ ነው። ከሁለቱ አንዱ ካልሠራ ወደፊት አትቀጥሉ።

ጥልቀቱን «y» ብላችሁ ከጻፋችሁ ውሃውን ገልብጣችሁታል፤ ሥሩ ጋ ግፊት የለም እያላችሁ ነው። «15 − y» ካላችሁ ደግሞ ግድቡን እስከ አፉ ሞልታችሁታል።

## ደረጃ 5፦ ወርዱን ጻፉ

ወርዱ የሚለካው ከግድግዳው ነው፤ ከውሃው ጋር ግንኙነት የለውም። በጣም የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የምናውቀው ሁለት ነገር ነው። y = 0 ላይ ወርዱ 12 ሜትር ነው። y = 15 ላይ 42 ሜትር ነው። ጎኖቹ ቀጥ ያሉ መስመሮች ስለሆኑ ወርዱ በእኩል ፍጥነት ያድጋል። በ15 ሜትር ከፍታ 30 ሜትር ጨመረ፤ በአንድ ሜትር 2 ሜትር ማለት ነው።

```
ወርድ = 12 + 2y
```

ይህንንም ፈትኑት። y = 15 ስትተኩ 12 + 30 = 42 ይወጣል። ልክ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው 42ን የውሃው ገጽ ላይ ማስቀመጥ ነው። 42 የግድግዳው ጫፍ ወርድ ነው፤ እዚያ ውሃ የለም። ውሃው ገጽ ላይ ያለው ወርድ 12 + 2 × 12 = 36 ሜትር ነው። 30ን ለ15 ሳይሆን ለ12 ያካፈለ ሰው 2.5 ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል።

ሁለተኛው በሦስት ማዕዘን ተመሳሳይነት የሚሠሩትን ይይዛል። የአንዱን ጎን ሦስት ማዕዘን ወስደው y ሜትር ጨመረ ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ግድግዳው ሁለት ጎን አለው፤ ግራም ቀኝም ይጨምራል። በ2 ማባዛት አትርሱ።

## ደረጃ 6፦ የአንዱን ቁራጭ ኃይል ጻፉ

ኃይል ማለት ግፊት ሲባዛ በስፋት ነው። የቁራጩ ስፋት ወርዱ ሲባዛ በውፍረቱ ነው።

```
dF = 9800 · (12 − y) · (12 + 2y) · dy
```

ይህ መስመር ምልክት ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ቁራጭ በቁጥር እንየው። ከሥሩ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ያለ፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ውሰዱ። ጥልቀቱ 9 ሜትር ነው፤ ግፊቱ 88,200 ፓስካል። ወርዱ 18 ሜትር ነው፤ ስፋቱ 1.8 ሜትር ካሬ። ኃይሉ 158,760 ኒውተን ይመጣል። ይህ ከ16 ቶን በላይ ክብደት ነው፤ ያውም በ10 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ላይ።

መለኪያዎቹንም ተመልከቱ። ኒውተን በሜትር ኪዩብ፣ ሲባዛ በሜትር፣ በሜትር፣ በሜትር። ኒውተን ብቻ ይቀራል። ሜትር ከተረፋችሁ ወይ dy ን ረስታችኋል፣ ወይ ጥልቀቱን ሁለት ጊዜ አባዝታችኋል።

## ደረጃ 7፦ ወሰኑን አስገቡና አስሉ

ወሰኑ ውሃው የነካውን ክፍል ብቻ ይሸፍናል፦ ከ0 እስከ 12። እስከ 15 አይደለም። በእርሳስ የሰረዛችሁትን ክፍል አስታውሱ።

```
F = 9800 ∫₀¹² (12 − y)(12 + 2y) dy
  = 9800 ∫₀¹² (144 + 12y − 2y²) dy
  = 9800 [144y + 6y² − (2/3)y³]₀¹²
  = 9800 (1728 + 864 − 1152)
  = 9800 × 1440
  = 14,112,000 N
```

ወደ 14.1 ሚሊዮን ኒውተን ነው። 9800ን እስከ መጨረሻው ከውጭ አቆዩት። ከውስጥ ካስገባችሁት ቁጥሮቹ ይገዝፋሉ፤ ለመሳሳት ያመቻል።

## ደረጃ 8፦ መልሱን በእጅ አረጋግጡ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ከኢንተግራሉ ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጀው።

ውሃ የነካውን 12 ሜትር 2 ሜትር ውፍረት ባላቸው ስድስት ቁራጮች ክፈሉት። የእያንዳንዱን መሃል ውሰዱና ጥልቀቱን በወርዱ አባዙ።

| የቁራጩ መሃል y | ጥልቀት | ወርድ | ጥልቀት × ወርድ |
|---|---|---|---|
| 1 | 11 | 14 | 154 |
| 3 | 9 | 18 | 162 |
| 5 | 7 | 22 | 154 |
| 7 | 5 | 26 | 130 |
| 9 | 3 | 30 | 90 |
| 11 | 1 | 34 | 34 |

ድምሩ 724 ነው። በውፍረቱ በ2 ሲባዛ 1448። ኢንተግራሉ 1440 ሰጥቶናል። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ አሠራሩ ልክ ነው። የእጁ ስሌት 900 ወይም 2000 ቢሰጥ ኖሮ ወደ ደረጃ 4 ትመለሱ ነበር።

ሰንጠረዡን አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩት። ትልቁ ቁጥር የመጨረሻው ታች ያለው ቁራጭ አይደለም፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ነው። ሥሩ ጋ ግፊቱ ከፍተኛ ነው፤ ግን ግድግዳው ጠባብ ነው። ትንሽ ከፍ ሲል ግፊቱ ከሚቀንሰው ይልቅ ወርዱ የሚጨምረው ያመዝናል። ወርዱ የማይለዋወጥ ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ትልቁ ሥሩ ላይ ይሆን ነበር።

ያለ ኢንተግራል ሙሉውን መልስ ማግኘትም ይቻላል። ውሃ የነካውን ክፍል መሃል ላይ 12 በ12 አራት ማዕዘን፣ ግራና ቀኝ ላይ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች አድርጋችሁ ክፈሉት። የአራት ማዕዘኑ ስፋት 144፣ የመሃሉ ጥልቀት 6 ነው፤ 864። የሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች ስፋት በአንድ ላይ 144 ነው። ሰፊው ጎናቸው ከላይ ስለሆነ የመሃላቸው ጥልቀት 4 ነው፤ 576። ድምሩ 1440። ገጠመ።

## መልሳችሁ ካልገጠመ

የወጣላችሁን ቁጥር ከዚህ በታች ፈልጉ። ስህተቱ የት እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

24,255,000 ከወጣ፦ ጥልቀቱን 15 − y ብላችሁ እስከ 15 ሄዳችኋል። ግድቡ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ መልሱ ይህ ነበር።

22,579,200 ከወጣ፦ ወሰኑ ልክ ነው፤ ጥልቀቱን ግን አሁንም ከግድግዳው ጫፍ ለክታችሁታል። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

12,348,000 ከወጣ፦ ጥልቀቱ ልክ ነው፤ ወሰኑን ግን እስከ 15 ወስዳችሁታል። ከ12 በላይ 12 − y ኔጋቲቭ ይሆናል። ደረቁ ክፍል ኃይሉን እየቀነሰባችሁ ነው። ይህኛው አደገኛ ነው፤ መልሱ ወደ ትክክለኛው ስለሚቀርብ አያጠራጥርም።

19,756,800 ከወጣ፦ ጥልቀቱን y ብላችሁታል። ውሃው ተገልብጧል።

16,934,400 ከወጣ፦ ኢንተግራል ትታችሁ የጥልቀቱን ግማሽ በጠቅላላው ስፋት አባዝታችኋል፤ 6 × 288። ይህ ለአራት ማዕዘን ብቻ ይሠራል። የእኛ ግድግዳ ብዙው ስፋቱ ላይኛው ክፍል ነው፤ እዚያ ደግሞ ግፊቱ ትንሽ ነው። አማካዩ ጥልቀት 6 ሳይሆን 5 ነው።

15,523,200 ከወጣ፦ 42ን የውሃው ገጽ ላይ አስቀምጣችሁ ወርዱን 12 + 2.5y ብላችኋል።

11,289,600 ከወጣ፦ አንዱን ጎን ረስታችሁ ወርዱን 12 + y አድርጋችሁታል።

1,440,000 ከወጣ፦ በ9.8 አላባዛችሁም። ያ ኪሎ ግራም ነው እንጂ ኒውተን አይደለም።

## ጥያቄው ሲቀየር

ዜሮው ከውሃው ገጽ ከሆነ፦ ወደ ታች የሚለካውን ጥልቀት x በሉት። ያኔ ጥልቀቱ ራሱ x ነው፤ ወርዱ 36 − 2x ይሆናል። የ36ን ቦታ ልብ በሉ፤ 42 አይደለም። ∫₀¹² x(36 − 2x) dx = 2592 − 1152 = 1440።

ግድግዳው ላይ ያለ በር ብቻ ከተጠየቀ፦ ወሰኑ የበሩ ጠርዝ ነው፤ ጥልቀቱ ግን አሁንም ከውሃው ገጽ ነው የሚለካው። ለምሳሌ ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ በር የላይኛው ጠርዙ 5 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆን፣ x ከ5 እስከ 8 ይሄዳል። ∫₅⁸ 2x dx = 64 − 25 = 39፤ ኃይሉ 382,200 ኒውተን ነው። ከ0 እስከ 3 የጻፈ ሰው በሩን ወደ ውሃው ገጽ አምጥቶታል።

መለኪያው ጫማና ፓውንድ ከሆነ፦ አሜሪካ የምትማሩ ይህን ታገኙታላችሁ። በ9800 ፋንታ 62.4 ተጠቀሙ። ይህ የአንድ ኪዩቢክ ጫማ ውሃ ክብደት በፓውንድ ነው፤ የመሬት ስበት ውስጡ ገብቷል። በ32.2 ደግማችሁ አታባዙ።

ሥሩ ላይ ደለል ካለ፦ ደለል የነካው ውሃ ከንጹህ ውሃ ይከብዳል። 9800 እዚያ ጋ አይበቃም፤ ደለሉ የሚጨምረው ግፊት ለብቻው ይሰላል። የትምህርት ቤት ጥያቄ ካልጠቀሰው አታስገቡት።

ኃይሉ የት ላይ እንደሚያርፍ ከተጠየቀ፦ እያንዳንዱን ቁራጭ በጥልቀቱ አንድ ጊዜ ጨምራችሁ አባዙና ለ1440 አካፍሉ። ∫₀¹² x²(36 − 2x) dx = 20,736 − 10,368 = 10,368። ለ1440 ሲካፈል 7.2 ሜትር ይመጣል። አማካዩ ጥልቀት 5 ሜትር ነበር፤ ኃይሉ ያረፈው ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው፤ ታች ያሉት ቁራጮች በበለጠ ግፊት ስለሚገፉ። ከሥሩ ሲለካ 4.8 ሜትር ነው። ግድቡ ይገለበጥ እንደሆነ የሚያሰላ መሐንዲስ 14,112,000ን የሚያባዛው በዚህ ቁጥር ነው።